ሁለት ጊዜ የሚመጣው አንድ ሰዓት

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሰዓት ማንበብን ልጀምር ስል ለእያንዳንዱ ልጅ ስምንት ትንንሽ ካርዶች ቆርጬ አደልሁና የየራሳቸውን ቀን እንዲስሉባቸው አደረግሁ። ከእንቅልፍ መነሳት፣ ቁርስ፣ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ፣ እረፍት፣ ምሳ፣ ወደ ቤት መመለስ፣ እራት፣ መተኛት። በመጀመሪያው ቀን ያለ ምንም ሰዓት በቅደም ተከተል እንዲደረድሯቸው ጠየቅኋቸው፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በትክክል ደረደሩ። ለሰባት ዓመት ልጅ የራሱ ቀን ቅደም ተከተል የሚቸግር ነገር አይደለም።

በማግስቱ በየካርዱ ጥግ ላይ ሰዓቱን ጻፍንና እንደገና ደርድሩ አልኋቸው። ትናንት አንዲትም ስሕተት ያልሠራች አንዲት ልጅ ካርዶቿን እንዲህ አድርጋ ዘርግታ ጠበቀችኝ፦ ቁርስና እራት ጎን ለጎን፣ ሁለቱም 1 ሰዓት ናቸውና፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤት በ2 ሰዓት፤ ቀጥሎ መተኛት በ3 ሰዓት፤ ከዚያ እረፍት፣ ምሳና ወደ ቤት መመለስ፤ ከሁሉም መጨረሻ ላይ ደግሞ ከእንቅልፍ መነሳት፣ በ12 ሰዓት። «እራትሽን በልተሽ ነው እንዴ ትምህርት ቤት የምትመጪው?» አልኋት። ሳቀች። ካርዶቹን ግን ከቦታቸው አላነሳችም፤ ጣቷን በቁጥሩ ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ እሱም እኮ አንድ ነው» አለችኝ።

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ልጅቷ ከእኔ ይልቅ ለቁጥር ታማኝ እንደነበረች ተረዳሁ። አንደኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቁጥር ይቀድማል፣ ትልቅ ቁጥር ይከተላል ብለን ያስተማርናትን ነው ሥራ ላይ ያዋለችው። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ግን የልጅ ቀን የሚጀምረው ከሁሉ በሚበልጠው ቁጥር፣ በ12 ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉ የሚያንሰው 1 ነው። ቁጥሮቹ ወጥተው ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ፤ አንዱ ዙር የብርሃን፣ ሌላው የጨለማ ነው። እኛ አዋቂዎች «ከጠዋቱ» እና «ከምሽቱ» በሚሉት ቃላት ዙሩን እንለያለን። ልጆቹ ግን ቤት ውስጥ የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን «አንድ ሰዓት ሆኗል» የሚለውን ነው፤ ውጭው ብርሃን ይሁን ጨለማ እያዩ ማታ ነው ወይስ ጠዋት ብሎ የሚነግራቸው ስለማያስፈልግ።

የተማሪ መጽሐፍ ላይ የሚታየው የሰዓት ሥዕል ይህን ችግር ጨርሶ አያነሳም፤ ሰዓቱ የሚያሳየውን ጻፉ ብቻ ነው የሚለው። እኔም ለብዙ ዓመታት በዚያው መንገድ ሳስተምር ነበር። ካርዱን ከወረቀት ሰዓቱ ጋር አብሬ ማጫወት የጀመርሁት ልጆች የሰዓቱን ገጽ ማንበብ ችለው ያነበቡት ሰዓት ከቀናቸው የትኛው ክፍል ላይ እንደሚውል ሲጠፋቸው ስላየሁ ነው።

ስለ ሰዓቱ አሠራር ትንሽ ልበል፤ ብዙ መምህራን የሚሰላቹት እዚህ ላይ ነውና። በክፍሌ 52 ልጆች ስላሉ በአራት በአራት ተቧድነው የሚጫወቱባቸው 13 ሰዓቶች ያስፈልጉኝ ነበር። የሱቅ ካርቶን ላይ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰሃን ደፍቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርሁ፤ ቆርጬም አወጣሁ። አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በዓይን ገምቶ መጻፍ ያስነውራል፤ 1 እና 2 ተራርቀው 10 እና 11 ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ልጁም ቆጣሪው በሁለት ቁጥሮች መካከል የቱ ጋ እንዳለ ማየት ይሳነዋል። ቀላሉ ዘዴ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ በዚህ ሰሃን 10 ሴንቲ ሜትር፣ በኮምፓስ ይዞ በጠርዙ ላይ መርገጥ ነው፤ ልክ ስድስት ጊዜ ረግጦ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። በእያንዳንዱ ምልክት መካከል አንድ ሲጨመር አሥራ ሁለት ይሆናሉ። መጀመሪያ 12ን ከላይ፣ 6ን ከታች፣ 3ን በቀኝ፣ 9ን በግራ ጽፎ ቀሪውን መሙላት ከስሕተት ያድናል።

አጭሩን ቆጣሪ 5፣ ረጅሙን 8 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ከጠንካራ የደብተር ሽፋን ቆረጥኋቸው። ማሰሪያው ነበር ያስቸገረኝ። በመጀመሪያው ዓመት በመርፌ ቁልፍ ሰክቼ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ቀዳዳው ሰፍቶ ቆጣሪዎቹ ልጁ እጁን ባነሳ ቁጥር ወደ 6 ይወድቁ ጀመር፤ ሰዓቱ ሁሉ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። አሁን መሃሉን በሁለቱም በኩል ስኮች ለጥፌ በወስፌ እበሳና ከፊትና ከኋላ አንዳንድ የሸሚዝ ቁልፍ አድርጌ በወፍራም ክር እሰፋዋለሁ። ቁልፎቹ ካርቶኑን ጫን ስለሚሉት ቆጣሪው በተተወበት ይቆማል፤ ክሩ ሲላላ ደግሞ አንድ ጊዜ መልሶ መስፋት ይበቃል።

ይሁን እንጂ የወረቀት ሰዓት፣ የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢሠሩት፣ አንድ ውሸት አለበት። በእውነተኛው ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ቆጣሪዎች በጥርስ የተያያዙ ናቸው፤ ረጅሙ ሙሉ ዙር ሲዞር አጭሩ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል፤ ረጅሙ ግማሽ ሲሄድ አጭሩም መንገዱን አጋምሷል። በካርቶኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚዞረው። ስለዚህ «ሁለት ሰዓት ተኩል አድርጉ» ሲባሉ ከልጆቹ አብዛኞቹ አጭሩን በ2 ላይ ቀጥ አድርገው ረጅሙን ወደ 6 ያወርዳሉ። እንዲህ ያለ ሰዓት በምድር ላይ የለም፤ ነገር ግን መምህሩ ረጅሙን ብቻ አይቶ «ጎበዝ» ካለ ልጁ ስሕተቱን ይዞ ያድጋል። ኋላ እውነተኛ ሰዓት ላይ አጭሩን በ2 እና በ3 መካከል ሲያየው የቱን እንደሚያነብ ይጨነቃል፤ ብዙ ጊዜም ቀረብ ያለውን ቁጥር ይመርጣል። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ሦስት ሰዓት ካምሳ» የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ ምንጩ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምጀምረው በአጭሩ ቆጣሪ ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ረጅሙን ጨርሶ አልሰፋውም። አንዲት እጅ ብቻ ያላት ሰዓት ብዙ ነገር ትናገራለች፤ ቆጣሪው በቁጥሩ ላይ ከሆነ ሞልቷል፣ ጥቂት ካለፈው «አለፍ ብሏል»፣ መሃል ላይ ከሆነ «ተኩል ነው»፣ ወደ ቀጣዩ ከተጠጋ «ሊሆን ነው» እንላለን። ልጆች እነዚህን ቃላት ከቤታቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ እናታቸው «ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ቶሎ በል!» ስትል በየቀኑ ይሰማሉና። ቤቱ ራቅ ያለ አንድ ልጅ ከቤት የሚወጣበትን ካርድ ይዞ አጭሩን ቆጣሪ በ1 እና በ2 መካከል አድርጎ፣ ከዚያ ጥቂት ገፋ አደረገና «ታክሲ ስንጠብቅ እዚህ ይደርሳል» አለኝ። ያ ልጅ ስለ ደቂቃ ገና አልተማረም፤ ቆጣሪው ሲንቀሳቀስ ጊዜው እያለፈ እንደሆነ ግን አውቋል።

ወደ ልጅቷና ወደ ካርዶቿ ልመለስ። ለእርሷ ያደረግሁት መፍትሔ በጣም ቀላል ነበር፤ የካርዱን ጠርዝ መቀባት። ከ12 ሰዓት ንጋት እስከ 12 ሰዓት ምሽት ለሚውለው ሥራ ቢጫ ጠርዝ፣ ለቀሪው ሰማያዊ። ከዚያም በግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሁለት ትልልቅ ክቦች ሣልሁ፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሁለቱም ከ1 እስከ 12 ቁጥር ያላቸው። ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው በቁጥሩ ላይ ይቆማሉ። ቁርስና እራት አሁን ሁለቱም በ1 ላይ ናቸው፤ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ ክቦች። ልጅቷ ከቢጫው ክብ 12 ላይ ተነሥታ በየካርዶቿ እየቆመች ዙሪያውን ሄደች፤ ቢጫውን ስትጨርስ ወደ ሰማያዊው ተሻገረች፤ በ1 ላይ «እራት»፣ በ3 ላይ «ተኛሁ» ብላ ቀሪውን ዙር ዓይኗን ጨፍና ተራመደች። ክፍሉ ሁሉ ያንን ወደደው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊውን ክብ ዓይኑን ሳይጨፍን የሚዞር ልጅ አልነበረም፤ በዚህም ሁለት ልጆች ተጋጭተው ወድቀዋል።

ይህ የቀለም አከፋፈል በሌላ አገር እንዲህ አይመችም ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ በክረምትም በበጋም የቀኑ ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፣ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትገባለች። አቆጣጠራችን ከንጋት የሚነሳው በዚሁ ምክንያት የሚመች ሆኖ ነው፤ ለልጅም ቢጫውና ሰማያዊው በመስኮት ከሚያየው ጋር ይገጥምለታል።

ጠርዙ ቀለም ካገኘ በኋላ «ማን ቀደመ» የምንለውን ጨዋታ ጀመርን። ሁለት ልጆች ካርዶቻቸውን በግንባራቸው ደፍተው ይይዛሉ፤ እኩል አንዳንድ ካርድ ይገልጣሉ፤ ሁለቱም በየተራ የቡድኑን ሰዓት በካርዳቸው መሠረት ያስተካክላሉ፤ በቀኑ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ሥራ ያለው ሁለቱንም ካርድ ይወስዳል። ሰዓቱን በትክክል ያላደረገ ካርዱ ቢቀድምም አይወስድም፤ ይህን የሚዳኙት ሌሎቹ ሁለት የቡድኑ ልጆች ናቸው። ጥሩው ነገር ክርክሩ ነው። የመተኛት ካርድ በ3 ሰዓት፣ የምሳ ካርድ በ6 ሰዓት ሲገናኙ ሁልጊዜ አንድ ልጅ «ሦስት ይቀድማል» ብሎ ይነሳል፤ ሌላው ጠርዙን ያሳየዋል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጠርዙን ሳያዩ መከራከር ሲጀምሩ ቀለሙ ሥራውን እንደጨረሰ አውቃለሁና ጠርዝ የሌላቸውን ካርዶች አወጣለሁ። አልፎ አልፎ ሁለት ልጆች በቀኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ ላይ የሚውሉ ካርዶች ያወጣሉ፤ ያን ጊዜ ማንም አይወስድም፣ ካርዶቹ መሃል ላይ ይቆያሉ።

ረጅሙ ቆጣሪ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሙሉ ሰዓትና ተኩል ብቻ። ደንቤ አንድ ነው፦ ረጅሙን ቆጣሪ ያንቀሳቀሰ ልጅ አጭሩን ሳያንቀሳቅስ አይለቅም። ረጅሙን ከ12 ወደ 6 እያወረደ አጭሩን በሌላ እጁ ቀስ እያደረገ ወደ መሃል ይገፋዋል። ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ሰዓቱን ጓደኛው ይይዝለታል። አዝጋሚ ነው፣ አንዳንዴም ያሰለቻል፤ ነገር ግን አጭሩን በ2 ላይ ትቶ ተኩል የሚል ልጅ ቁጥሩ እጅግ ቀነሰ።

ሩብ ላይ አማርኛው ራሱ ፈተና ያመጣል። «ሁለት ሰዓት ከሩብ» ሲባል የተጠራው ቁጥር ያለፈው ነው፤ አጭሩ ቆጣሪ 2ን ጥቂት አልፏል። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ሲባል ግን የተጠራው ገና ያልደረሰው ቁጥር ነው። ልጆቹ ሦስት የሚለውን ሲሰሙ አጭሩን ከ3 አሳልፈው ያስቀምጡታል፤ ረጅሙን ግን በትክክል 9 ላይ ያደርጉታል፤ ሰዓቱም ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ያርፋል። ለዚህ የረዳኝ «ጉዳይ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርጌ መናገሬ ነው። ጉዳይ የጎደለ ማለት ነው፤ ሦስት እንዲሞላ ሩብ ጎድሎታል። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ቀድቼ «ሊሞላ ምን ያህል ጎደለው?» ብዬ ጠየቅሁና ከዚያ ወደ ሰዓቱ ተመለስን። ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ ጓደኛውን ሲያርም «ገና አልሞላም እኮ፣ ወደ ኋላ መልሰው» ሲለው ሰማሁ። በአንድ ቀን ከሩብና ሩብ ጉዳይን አብሮ ማስተማር ግን አልመክርም፤ ሞክሬው ሁለቱንም አደበላልቀውብኛል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለያያቸው።

የስልኩ ነገር ሳይታሰብ ነው የመጣው። አንድ ልጅ «የአባቴ ስልክ ላይ ስምንት ሰዓት ነው ትምህርት ቤት የምንገባው» አለ። እውነቱን ነው፤ ስልኩ 8:00 ይላል፣ እኛ 2 ሰዓት እንላለን። ሁለቱ አቆጣጠሮች በስድስት ሰዓት ስለሚራራቁ በሰዓት ገጽ ላይ አጭሩ ቆጣሪ በትክክል በተቃራኒው ቁጥር ላይ ይውላል፤ 2 ከ8፣ 1 ከ7፣ 12 ከ6 ፊት ለፊት ናቸው። ማስመሪያ በመሃል አሳልፎ ማሳየት ይቻላል፤ ለልጅም ደስ ይላል። እኔም በዚያ ቀን ደስታው አታለለኝና አሳየኋቸው። በማግስቱ «ሁለት ሰዓት ተኩልን በስልክ አቆጣጠር አድርጉ» ስላቸው ከአሥራ ሦስቱ ቡድን ሰባቱ ሁለቱንም ቆጣሪዎች ገለበጡ፤ አጭሩን ወደ 8 እና 9 መሃል፣ ረጅሙን ከ6 ወደ 12። ረጅሙ ቆጣሪ በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነው፤ መገልበጥ ያለበት አጭሩ ብቻ ነው። እነርሱ ግን «ተቃራኒ» የሚለውን ቃል ነበር የያዙት። ከዚህ በኋላ ነገሩን ለሦስተኛ ክፍል ትቼዋለሁ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩም በራሱ ክፍለ ጊዜ ሰዓት ሲያስተምር የእኔን የካርቶን ሰዓቶች ወስዶ አጭሩን ቆጣሪ ብቻ ሰፍቶ እንዲጀምር ተስማምተናል። ስልኩን የሚያነሳ ልጅ ሲኖር «የአባትህ ስልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው መቁጠር የሚጀምረው፣ እኛ ከንጋት ነው» እለዋለሁ፤ ለጊዜው ይበቃዋል።

ስለ ካርዶቹ አንድ ነገር አልተናገርሁም። መጀመሪያ ላይ የታተሙ ሥዕሎችን ለሁሉም አንድ ዓይነት ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ሥራ ይቀንስልኛል ብዬ። የተውሁት አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በግ ሲያግድ፣ ሌላዋ ከእናቷ ጋር እንጀራ ለመሸጥ ስትቀመጥ፣ ሌላው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ሲያይ ስላወቅሁ ነው። የእኛ አካባቢ እንዲህ ነው፤ ከፎቁ ሥር ማሳ አለ። የታተመው ካርድ ላይ «9 ሰዓት ተኩል፣ ጥናት» ቢል ከሦስቱ የማንኛቸውም ቀን አይደለም፤ ሰዓቱን አድርገው ያሳዩኛል፣ ግን ልክ እንደሆነ የሚፈትሹበት ነገር የላቸውም። የራሱን ካርድ የሣለ ልጅ አጭሩን ቆጣሪ በተሳሳተ ቦታ ሲያደርግ «እንዲህ ከሆነማ በጎቹ ገና አልወጡም» ብሎ ራሱን ያርማል።

በሰኔ፣ ካርዶቹን ልሰበስብ ስል አንድ ዝምተኛ ልጅ ዘጠነኛና አሥረኛ ካርድ ጨምሮ አገኘሁት። አባቱ የሌሊት ጥበቃ ነው። በአንዱ ካርድ ላይ አባቱ ዱላና ጋቢ ይዞ ከቤት ሲወጣ፣ በሌላው ሲመለስ ሥሏል፤ ሁለቱም ላይ ሰዓቱ 12 ነው፣ ሁለቱም ላይ አጭሩ ቆጣሪ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ጠርዛቸውን ግን አልቀባቸውም ነበር። «ምነው?» አልሁት። የሚወጣውም የሚመጣውም ገና ብርሃን ሊሆን ወይም ሊመሽ ሲል ስለሆነ የቱን ቀለም እንደሚያደርግ ቸግሮት ኖሯል። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ሆኜ 12ን ለየትኛው ክብ እንደሰጠሁት ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ቢጫና ሰማያዊ እርሳሶቹን ሰጠሁት። ሲመለስ ባለው ካርድ ላይ የግራውን ጠርዝ ሰማያዊ፣ የቀኙን ቢጫ ቀባ፤ ሲወጣ ባለው ላይ ደግሞ ገለበጠውና፣ ሁለቱን ካርዶች በስምንቱ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው።